ሰሊጡ መተማ፣ ሒሳቡ ቤት፦ ሥራን ከቢሮ ለማውጣት ምን ይገፋል፣ ምን ይጎትታል?

በመተማና በአካባቢው ቆላ ሰሊጥ የሚገዙ ነጋዴዎች በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ጆንያውን የሚመዝነውና ናሙና የሚወስደው ሰው ከሚዛኑ አጠገብ መገኘት ግድ ነው። ዋጋ የሚከታተለው፣ ሒሳብ የሚዘጋውና የባንክ ሰነድ የሚያዘጋጀው ሠራተኛስ በየቀኑ ቢሮ መግባት አለበት ወይ? ጥያቄው ጎልቶ የወጣው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ውስጥ ገብቶ የመንግሥት ሠራተኞች ሳይቀሩ ከቤታቸው እንዲሠሩ በታዘዘ ጊዜ ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም የቢሮ ኪራይና የጉዞ ወጪ ጥያቄውን እንደገና ያስነሱታል።

የሥራ አመራር ባለሙያዎች እንዲህ ላለው ውሳኔ የሚጠቀሙበት ዘዴ የኃይሎች ሜዳ ትንተና ይባላል። ያመነጨው ከናዚ ጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሥነ ልቦና ምሁር ኩርት ሌዊን ነው። በሌዊን አመለካከት አንድ አሠራር ባለበት የሚቆየው የሚገፉትና የሚጎትቱት ኃይሎች ስለተመጣጠኑ እንጂ ኃይል ስለሌለ አይደለም። ስለዚህ ለውጥ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ገፊው ይጨመራል፣ ወይ ጎታቹ ይቀነሳል። ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ቢያደርሱም ዋጋቸው ግን እኩል አይደለም። ገፊውን መጨመር ውጥረት ያከማቻል፤ ጎታቹን መቀነስ ውጥረቱን ያረግባል።

ሌዊን ይህን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተግባር ፈትኖታል። የሥጋ እጥረት ስለነበረ የአሜሪካ እመቤቶች ልብና ኩላሊት እንዲያበስሉ ተፈልጎ ነበር። ዱለት ለሚወደድበት አገር ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም እነርሱ ዘንድ ግን ነውር ነበር። ስለ ጥቅሙ ንግግር ብቻ ከተደረገላቸው ሴቶች ያበሰሉት 3 በመቶ ያህሉ ናቸው። ሽታውንና የባልን ማጉረምረም አንስተው ተወያይተው በጋራ ከወሰኑት መካከል ግን 32 በመቶዎቹ አበሰሉ። ንግግሩ ገፊ ጨመረ፤ ውይይቱ ጎታቹን ፈታ።

ከምርት ገበያ የሚገኝ ትምህርት

ለሰሊጥ ነጋዴ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገዢና ሻጭ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው፣ እጅ ለእጅ ተማትተው ይገበያዩ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት መሸጋገር ጀመረ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሐዋሳ ላይ ማዕከል ከፍቶ ከአዲስ አበባ ውጪ ሆኖ መገበያየት እንዲቻል አደረገ።

ገዢው ከጆንያው እንዲርቅ ያስቻለው ግን ኮምፒዩተሩ ብቻ አልነበረም። ቀድሞ ነጋዴው ያላየውንና በእጁ ያልዘገነውን ሰሊጥ አይገዛም ነበር። ይህ አለመተማመን ዋናው ጎታች ኃይል ነበር። ምርቱ መጋዘን ሲገባ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ሲወጣለት፣ ሲመዘንና የመጋዘን ደረሰኝ ሲሰጥበት፣ ክፍያውም በባንክ በኩል ሲፈጸም ጎታቹ ላላ። ሰሊጥ በገበያው በኩል እንዲሸጥ ያዘዘው ሕግ ገፊ ኃይል እንደነበር አይካድም። ሕጉ የወሰነው ግን የት መገበያየት እንደሚገባ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ለመግዛት ድፍረት የሰጠው ደረሰኙ ነው።

በአንድ ድርጅት ላይ ሲታይ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ዋና ቢሮው ጎንደር፣ የግዢ ጣቢያው መተማ ዮሐንስ የሆነ አንድ ድርጅት አለ እንበል። የመጀመሪያው እርምጃ ለውጡን አጥብቦ መጻፍ ነው። «ድርጅቱ ከቤት ይሥራ» ማለት አይበቃም። «የሒሳብ ሠራተኛዋና የሰነድ ሠራተኛው በሳምንት አራት ቀን ከቤታቸው ይሥሩ፤ ሚዛንና ናሙና ባሉበት ይቆዩ» የሚለው ግን ሊመዘን ይችላል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ኃይል ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። በገፊ በኩል የቢሮ ኪራይ 4፣ ደረሰኝ ለመሰብሰብ ወደ መተማ የመውረድ ወጪና የመንገድ ሥጋት 3፣ ከወቅቱ ውጪ ቢሮው ባዶ መዋሉ 3፣ በድምሩ 10 ሆነ። በጎታች በኩል የኢንተርኔት መቋረጥ 5፣ ሥራ አስኪያጁ ያላየውን ሠራተኛ አለማመኑ 4፣ ፊርማና ማህተም የሚሹ ሰነዶች 3፣ በድምሩ 12 ሆነ። ለውጡ የማይንቀሳቀሰው ለዚህ ነው።

ብዙ አለቆች እዚህ ላይ ትዕዛዝ ያወጣሉ፣ ማበረታቻም ይጨምራሉ። 3 ነጥብ ሲጨመር ገፊው 13 ይሆንና በወረቀት ላይ ያሸንፋል። በተግባር ግን አለቃው በቀን አሥር ጊዜ ይደውላል፤ ሠራተኛው «ለአንድ ነገር» እያለ ቢሮ ይመላለሳል፤ አንዱ ሒሳብ ሁለት ቦታ ይመዘገባል። እነዚህ ሲታዩ ጎታቹ እንዳልተነሳ፣ ይልቁንም እንደተጨቆነ ማወቅ ይቻላል።

ሌላው መንገድ ጎታቾቹን አንድ በአንድ ማላላት ነው። አለማመኑን ለማላላት በየቀኑ በ10 ሰዓት የተገዛው ኩንታል፣ ዋጋውና የደረሰኙ ቁጥር በአንድ ገጽ እንዲላክ ይደረጋል። አለቃው የሚጠብቀው ሰውየውን ሳይሆን ገጹን ስለሚሆን 4 የነበረው ወደ 2 ይወርዳል። ኦሪጅናል የሚጠየቅባቸው ሰነዶች ተለይተው በአምስተኛው ቀን ቢሮ ውስጥ ከተፈረሙ 3 የነበረው 1 ይሆናል።

ኢንተርኔቱ ግን በድርጅቱ እጅ አይደለም። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቷል። መቋረጡን ማስቀረት ባይቻል ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል። የመተማው ገዢ መስመር ሲጠፋ በምን ዋጋ፣ እስከ ስንት ኩንታል ሳይጠይቅ መግዛት እንደሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ መዝገቡንም በእጅ ይይዛል። ነጥቡ ወደ 3 ቢወርድ የጎታቹ ድምር 6 ይሆናል። ገፊው 10 እንደነበረ ነው፤ ማንም አልተገፋም።

ድምሩ ሲያታልል

ዘዴው ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛው ድምሩን እንደ ሚዛን ማመን ነው። አንዳንድ ጎታች ብቻውን በር ይዘጋል። መስመር ለወራት ቢጠፋና የተጻፈ ገደብ ባይኖር የኪራዩ 4 ነጥብ አያድንም። ስለዚህ 5 ያገኘ ጎታች ሁሉ ከመደመሩ በፊት ለብቻው መፍትሔ ሊገኝለት ይገባል።

ሁለተኛው ነጥቡን አለቃው ብቻውን መስጠቱ ነው። አለቃውና የሒሳብ ሠራተኛዋ ተለያይተው ቢሰጡ፣ በሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ የሚለያዩበት ኃይል መጀመሪያ ሊነጋገሩበት የሚገባው ነው። አለቃው «ሕግ አይፈቅድም» ብሎ 4 የሰጠው ጎታች ሲመረመር ሊሟሽሽ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ከቤቱ የሚሠራበትን ውል ያውቃል፤ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ የያዘ መዝገብ እንዲኖረውም ያዝዛል። የዕለት ቁጥጥር ላለበት ሥራ ውሉ ይስማማ እንደሆነ ግን ጠበቃ ማማከር ያሻል።

ነጥቦቹ ወቅትን ተከትለው ይለዋወጣሉ። በጥቅምትና በኅዳር ሰሊጥ ሲጎርፍ የአንድ ቀን መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል፤ በክረምት ያው መዘግየት ብዙም አይጎዳም። ለውጡን በክረምት ሞክሮ፣ ሰሊጥ ከመታጨዱ በፊት ነጥቡን እንደገና የሰጠ ድርጅት ጎታቹን የሚያገኘው በወረቀት ላይ ነው። በኅዳር የጀመረ ግን ሰሊጡ በር ላይ ተከምሮ ያገኘዋል።