ላፕቶፕ ላይ ሻይ ሲደፋ፦ የመጀመሪያው ደቂቃና የሚቀጥሉት ሳምንታት

ስኳር የገባበት ሻይ ወይም ማኪያቶ ላፕቶፕ ላይ ሲደፋ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሶፍት አንስቶ ቁልፎቹን መጥረግ ነው። ላፕቶፑ ግን ያን ጊዜም እንደበራ ነው። ፈሳሹ በቁልፎቹ መሀል ሰርጎ ከኪቦርዱ ሥር ወደ ማዘርቦርዱ እየወረደ ነው፤ ቦርዱ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ አለ። ላፕቶፕን የሚያበላሸው እርጥበቱ ብቻውን አይደለም፤ እርጥበትና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ መገናኘታቸው ነው። ስለዚህ መጥረጉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥ።

ቻርጀር ከተሰካ ይነቀል። ቻርጀሩ ወይም የተሰካበት ማከፋፈያ ራሱ ከረጠበ ግን በእጅ አይነካም፤ ከቆጣሪው መብራቱን አጥፍቶ ከዚያ መንቀል ነው። ቀጥሎ የማብሪያ ማጥፊያውን ቁልፍ ስክሪኑ ጭልም እስኪል ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሰከንድ ያህል ይበቃል። በተለመደው መንገድ አዝዞ እስኪዘጋ መጠበቅ ጊዜ ይፈጃል። ክዳኑን መዝጋት ደግሞ ማጥፋት አይደለም፤ ማሽኑ ይተኛል እንጂ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ አይቆምም። «የጻፍኩትን ሴቭ ላድርግ» የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። እኔ ግን አይመከርም እላለሁ፤ ያልተቀመጠ አንድ ገጽ እንደገና ይጻፋል፣ የተቃጠለ ቦርድ ግን ሙሉ ላፕቶፑን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከጠፋ በኋላ ፍላሹ፣ ማውሱ፣ የተሰካው ገመድ ሁሉ ይነቀላል። ከዚያ ላፕቶፑን ክዳኑን ከፍቶ፣ ኪቦርዱን ወደ ታች አድርጎ ፎጣ ላይ እንደ ድንኳን ማቆም ነው። እንዲህ ሲቆም ፈሳሹ በገባበት በኩል ተመልሶ ይወጣል እንጂ ወደ ቦርዱ አይዘልቅም። መነቅነቅ ግን የለበትም፤ መነቅነቁ አንድ ቦታ የነበረውን ፈሳሽ ያልደረሰበት ቦታ ያደርሰዋል። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። እንደ ቲንክፓድ ያሉ አንዳንድ ላፕቶፖች ኪቦርዳቸው ላይ የፈሰሰውን በሆዳቸው በኩል የሚያወጡ ቀዳዳዎች አሏቸው። እነዚህ ሳይገለበጡ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ፈሳሹ እንዲንጠባጠብ መተው አለባቸው። ላፕቶፕዎ ቀዳዳው ይኑረው አይኑረው ዛሬውኑ፣ ምንም ሳይደፋበት፣ ከሥሩ ገልብጦ ማየት ጥሩ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያደርገዋል። የሚረሳው ባትሪው ነው። በድሮዎቹ ላፕቶፖች ባትሪው ከውጭ በመቆለፊያ ስለሚወጣ ነገሩ ቀላል ነበር። የዛሬዎቹ ባትሪ ግን ከሆዱ ክዳን ሥር ነው፤ ላፕቶፑ ጠፍቶም ቢሆን ኤሌክትሪክ መስጠቱን አያቆምም። የማብሪያው ቁልፍ ሲነካ የሚነቃ ክፍል ስላለ ቦርዱ ላይ ሁሌም ኤሌክትሪክ ያለባቸው መስመሮች አሉ። ስለዚህ የጠፋ ላፕቶፕ ኤሌክትሪክ የሌለው ላፕቶፕ ነው ማለት አይደለም። ትንሽ የብሎን መፍቻ ያለውና እጁ የለመደ ሰው የሆዱን ክዳን ከፍቶ ባትሪው ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን ሶኬት ማላቀቅ ይችላል፤ የሚያዘው ግን ገመዱ ሳይሆን የሶኬቱ ፕላስቲክ ነው። ይህን ያልለመደ ሰው ላፕቶፑን በዚያው ቀን ወደ ጥገና ባለሙያ ይውሰደው። «ቀኑን ልይና ነገ» ማለት ባትሪው ረጥቦ ከቆየ ቦርድ ጋር አንድ ሌሊት እንዲያድር መፍቀድ ነው።

ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። ሩዝ ከተዘጋ ላፕቶፕ ውስጥ፣ ከቦርዱ ቺፖች ሥር ያለውን ፈሳሽ ስቦ አያወጣም። ዱቄቱና ስብርባሪው ግን በቀዳዳዎቹ ይገባል። አፕል ራሱ በ2024 ባወጣው መመሪያ የረጠበ አይፎን ሩዝ ውስጥ እንዳይቀመጥ አስጠንቅቋል። የፀጉር ማድረቂያም አይጠቅምም፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩንና ስክሪኑን ይጎዳል፣ ነፋሱም ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ቢሆን ውኃውን ሊያተን ይችላል፣ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ግን አያስወግድም። ዋናው ጉዳት ደግሞ የሚመጣው ከዚህ ከሚቀረው ነው።

ሻይ ሲደርቅ ስኳሩ ይቀራል፤ ወተት ሲደርቅ ስቡና ፕሮቲኑ፤ ሾርባ ወይም ወጥ ከሆነ ጨው ይቀራል፤ ከሁሉ የከፋውም ጨው ነው። የቧንቧ ውኃ እንኳ ማዕድን አለበት፤ ያም ሆኖ ከተደፋው ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። የቀረው ነገር እርጥበትን ከአየር የመሳብ ባሕርይ ስላለው ደርቆ የነበረው በክረምት እንደገና ይረጥባል። ቦርዱ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ የተለያየ ቮልቴጅ ያላቸው ነጥቦች አሉ። በመካከላቸው ስስ እርጥበት ካለ ከፖዘቲቩ ነጥብ ላይ መዳብ እየሟሟ ወደ ኔጌቲቩ ይጓዛል፤ እዚያ ሲደርስ እንደ ቀጭን ፀጉር እየተጠራቀመ ያድጋል። ያ ፀጉር ሁለቱን ካገናኘ መስመሩ ሾርት ያደርጋል። በሌላ በኩል ደግሞ መዳቡ የሸሸበት ነጥብ እየሳሳ ሄዶ ይበጠሳል። ቦርዱ ረጥቦ ኤሌክትሪክ ካለበት ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ደረቅ ቅሪት ብቻ ከሆነ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። «ሠርቶ ሠርቶ ከወር በኋላ ዝም አለ» የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ የተለመደ ጉዳይ እንውሰድ። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ቤቷ እየሠራች ግማሽ ስኒ የሚሆን ማኪያቶ ላፕቶፑ ቀኝ በኩል ተደፋባት እንበል። አጥፍታ፣ ጠርጋ፣ ሦስት ቀን ክፍት አድርጋ አስቀመጠችው። ስታበራው ሠራ። ደስ ብሏት ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ነገሩ ያለቀ መሰላት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ቁልፎች መጣበቅ ጀመሩ፤ አንዱ ሲጫኑት ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ይህ የስኳር ሥራ ነው፣ ብዙም አያስደነግጥም። በሁለተኛው ሳምንት ከአንድ ረድፍ ላይ በርካታ ቁልፎች አብረው ሞቱ። የኪቦርዱ ቁልፎች በጋራ መስመሮች የተያያዙ ስለሆኑ አንድ መስመር ሲበላ በእሱ ላይ ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ። ኪቦርድ ተቀይሮ ይድናል፤ ቦርድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቻርጀሩ ተሰክቶ «ቻርጅ እያደረገ ነው» ይላል፣ ቁጥሩ ግን አይጨምርም። ይህ ምልክት ሲታይ ነው መቆም የነበረበት። በአራተኛው ሳምንት አልበራም አለ።

ባለሙያው ቦርዱን አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲያየው የሚታየው ይህን ይመስላል። የቻርጀር መሰኪያው አጠገብ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ክፍሎች በተደረደሩበት ቦታ፣ ቡናማ ቅሪት ተጋግሯል። ጠርዙ ላይ አረንጓዴና ነጭ እድፍ አለ፤ አረንጓዴው የተበላ መዳብ ነው። አንዱን ትንሽ ክፍል በመርፌ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ከእነ መቀመጫው ይነሳል፤ ከሥሩ ያለው የመዳብ ነጥብ አልቋል። ጉዳቱ የከፋው ይህ ቦታ ላይ መሆኑ ድንገተኛ አይደለም። ቻርጀር ሲሰካ ብዙ ላፕቶፕ ላይ 19 ወይም 20 ቮልት የሚገባው በዚህ ነው፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ደግሞ የባትሪው ኤሌክትሪክ በአቅራቢያው አለ። ሌላው አደገኛ ቦታ የስክሪኑ ገመድ ቦርዱ ላይ የሚሰካበት ነው፤ ስክሪኑን የሚያበራው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ምስል ከሚያመላልሱት ስስ መስመሮች አጠገብ ስለሚያልፍ ጥቂት ጠብታ ብቻ ስክሪኑን ሊያጨልም፣ አንዳንዴም ፕሮሰሰሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ይህች ሴት ላፕቶፑ በሠራላት ቀን ማድረግ የነበረባት ማሳጠብ ነው። ማሳጠብ ማለት ባትሪው ተላቅቆ፣ ቦርዱ ወጥቶ፣ ብረት ሽፋኖቹ ተነስተው፣ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ቅሪቱ እስኪለቅ መጽዳት ነው። በየፋርማሲው የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ሩብ ያህሉን የሚበልጥ ውኃ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ የእጅ ማጽጃ ጄልማ ራሱ ቅሪት ይተዋል። ስኳር በአልኮል በደንብ ስለማይሟሟ ጠንቃቃ ባለሙያ ለጣፋጭ ነገር መጀመሪያ በተጣራ ውኃ ያጥባል፣ ከዚያ በአልኮል ውኃውን አስወጥቶ ያደርቃል። ቺፖች ሥር የገባውን ለማውጣት ቦርዱን በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ መሣሪያ ያላቸውም አሉ። ባትሪ የተሰካበት ቦርድ በውኃም ሆነ በአልኮል አይነካም። ላፕቶፑን ሲሰጡ «ቦርዱ ወጥቶ ይታጠባል ወይስ አየር ብቻ ይነፋበታል?» ብሎ መጠየቅና ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ፎቶ እንዲነሳ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሙቅ አየር ብቻ ነፍቶ የሚመልስ ሰው ፀሐይ የምትሠራውን ነው የሠራው። ምን እንደተደፋ ሳይደብቁ መናገርም ይጠቅማል፤ ሻይን «ውኃ ነው» ያለ ደንበኛ ባለሙያውን አሳሳተ ማለት ነው።

ካልታጠበ ወይም ከታጠበም በኋላ፣ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በትኩረት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ጠፍቶ ሳለ ባትሪው በአንድ ሌሊት ብዙ ከወረደ ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያፈስ መስመር አለ ማለት ነው። ሳይነካ በራሱ መብራት፣ ጠቋሚው መዝለል፣ ቻርጅ ማቆም፣ የስክሪኑ ብርሃን መንቀጥቀጥ፣ አንድ ቦታ ያለ ምክንያት መጋል ሁሉም ከዚያው ይመጣሉ። ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው የባትሪውን ሁኔታ በዚህ ትእዛዝ ማየት ይችላል፦

```
powercfg /batteryreport
```

የሚያወጣው ገጽ ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅም (DESIGN CAPACITY) ዛሬ ከሚይዘው (FULL CHARGE CAPACITY) ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከተደፋበት ቀን ወዲህ ሁለተኛው ቁጥር በድንገት ከወረደ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ባትሪው ካበጠ ግን፣ ማለትም የጣት መዳሰሻው ወደ ላይ ከተነሳ ወይም የሆዱ ክዳን ከጠርዙ ከተከፈተ፣ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፣ አልጋ አጠገብም አያድርም።

ላፕቶፑ ከተደፋበት በኋላ በተነሳ ቀን ሌላ ሥራ ከመጀመር በፊት ፋይሉን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ይቅደም። ላይነሳ ቢችልም ዲስኩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ በብሎን የታሰረ ከሆነ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ይነበባል፣ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ከሆነ ግን ፋይሉን ማውጣት ቦርዱን ማዳን ይጠይቃል። ቢትሎከር የበራበት ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ባለ 48 አሃዝ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል፤ አካውንቱ የማን እንደሆነና የይለፍ ቃሉ ምን እንደሆነ ላፕቶፑ ደህና እያለ ማረጋገጥ ይሻላል።