የጨዋታ ቀን ቦርሳችን

እኔ የእግር ኳስ ቡድናችን ዕቃ ያዥ ነኝ። «ዕቃ መያዝ ደግሞ ምን ሥራ አለው?» የሚሉኝ ልጆች ስላሉ፣ ከሐሙሲት ባሕር ዳር ለጨዋታ ስንሄድ የምንይዘውን ልንገራችሁ።

18 ተጫዋቾች አሉን፤ እያንዳንዱ የራሱ ቦርሳ አለው። ቦርሳ ስላችሁ የአንዳንዱ ፌስታል ነው፤ ግን የማልያ ቁጥሩ ተጽፎበታል። በእግር ኳስ ሕግ ተጫዋች የግድ የሚለብሳቸው 5 ነገሮች አሉ፦ እጅጌ ያለው ማልያ፣ ቁምጣ፣ ገንባሌ፣ የቅልጥም መከላከያና ጫማ። ከእነዚህ ብዙ ጊዜ የሚረሳው መከላከያው ነው፤ ምክንያቱም ልምምድ ላይ አብዛኞቹ አያደርጉትም። ማልያ የረሳ ወዲያው ይታወቃል፤ መከላከያ የረሳ ግን የሚታወቀው ሜዳው ጫፍ ላይ ዳኛው ሲፈትሽ ነው። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ ልጁም ከቦርሳው አውጥቶ ያሳየኛል። «አለ» ብቻ ብሎ መመለስ አይቻልም። የአንድ እግር መከላከያ ብቻ የያዘ ልጅም እኮ «አለ» ይላል!

የአሰልጣኛችን ቦርሳ ደግሞ ሜዳ ላይ ለሚበላሽ ነገር ነው። ለምሳሌ 8 ቁጥራችን ሲሻማ ተጋጭቶ አፍንጫው ደማ እንበል። ዳኛው ያስወጣዋል። ደሙ መቆሙን፣ ልብሱም ላይ ደም አለመኖሩን አይቶ ካልፈቀደለት አይመለስም። አፍንጫው ቶሎ ሊቆም ይችላል፤ ማልያው ግን ቶሎ አይጸዳም፤ እስከዚያ በ10 ልጅ ነው የምንጫወተው። ትርፍ ማልያ ካለ ግን እዚያው ይቀይራል። የትርፉ ማልያ ቁጥር ለማንም ያልተሰጠ መሆን አለበት፤ የእኛ 20 ነው። ልጁ 20 ለብሶ ሲገባ አሰልጣኙ ለዳኛው ይነግራል። አለበለዚያ 8 ቁጥር ቀድሞ ቢጫ ካርድ አይቶ ከሆነ የዳኛው መዝገብ ይምታታል።

የበረኛ ትርፍ ማልያም አለ፤ ቢጫና ብርቱካናማ። ሁለት ቀለም የያዝነው የበረኛ ማልያ ከሁለቱም ቡድኖችና ከዳኛው የተለየ መሆን ስላለበት ነው። ሁለቱም ትልልቅ ናቸው። በረኛው ተጎድቶ ተቀያሪ ካለቀ ከተከላካዮቹ አንዱ ጓንቱን ያጠልቃል፤ ሰፊ ማልያ ደግሞ ለማንም ይሆናል። ጠባቡ ግን ለረጅሙ ተከላካያችን የት ይደርስለታል?

ከዚህ ሌላ የጫማ ማሰሪያ፣ አንድ ጥንድ ገንባሌ፣ ፋሻ፣ ፓምፕና 2 የኳስ መርፌ አለ። መርፌው ቶሎ ይሰበራል። በደረቁ ከተሰካም የኳሱን አፍ ስለሚጎዳው መጀመሪያ ውኃ እናስነካዋለን።

ስንመለስ ከመኪና ሳንወርድ እቆጥራለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ያ 20 ቁጥር ነው፤ የለበሰው ልጅ ከራሱ ልብስ ጋር ጠቅልሎ ቤቱ ይወስደዋል። ስለዚህ የወሰደውን ልጅ ስም በደብተሬ ጽፌ፣ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ ክፍሉ ድረስ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።