ግድግዳ የሚያልፈው ካሜራ

በገርጂ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሽቅብ የሚሮጥ አንድ ወጣት እናስብ። እኛ ከኋላው 3.5 ሜትር ርቀን፣ ከትከሻው ጥቂት ከፍ ብለን እንከተለዋለን። ወጣቱ ከመዞሪያው ደርሶ ሲታጠፍ ከኋላው ያለው ግድግዳ ግማሽ ሜትር እንኳ አይርቀውም። ለእኛ የተመደበው ቦታ ታዲያ ከሕንፃው ውጭ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ከፍታ ላይ በአየር ውስጥ ነው። በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚቆም የለም፤ በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ያለ ካሜራ ግን ክብደትም አካልም ስለሌለው ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቆማል።

ሦስት ተማሪዎቻችን ይዘውልን የመጡት ጨዋታ ችግሩ ይኸው ነበር። ጨዋታው ከቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ዕቃ ተቀብሎ በየሰፈሩ የሚያደርስ ልጅን በሦስተኛ ሰው እይታ፣ ማለትም ከኋላው እየተከተሉ፣ የሚያሳይ ነው። ሰፊው መንገድ ላይ ሁሉም ያምራል። ልጁ ደረጃ ሲወጣ ግን ማያ ገጹ በግድግዳ ግራጫ ይሸፈናል፤ አለዚያም የሕንፃው ሆድ ዕቃ ተዘርግቶ ይታያል።

በአገራችን ብዙዎች የሚያውቁት የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» ይህ ጣጣ እምብዛም የለበትም። የምትሸሸው ዶሮ ሁልጊዜ ወደ ፊት ስለምትሮጥ ካሜራው ከኋላዋ የሚቆምበት ቦታ፣ እሷ ከአፍታ በፊት ያለፈችበት ክፍት መንገድ ነው። ተጫዋቹ እንደ ልቡ መዞርና ወደ ኋላ መመለስ የጀመረ ዕለት ግን ካሜራው አካል ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ 64» ይህንን በግልጽ አሳይቶ ነበር፤ ካሜራውን ደመና ላይ ተቀምጦ ማሪዮን የሚከተል ፍጡር ይይዘዋል፤ መስታወት ባለበት ክፍል ውስጥም የካሜራ ባለሙያው ራሱ ይታያል።

ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ያደረጉት ማንም የሚያደርገውን ነው። ከልጁ ራስ እስከ ካሜራው ድረስ ቀጥተኛ ጨረር ላኩ፤ ጨረሩ ግድግዳ ሲነካ ካሜራውን ከነካበት ነጥብ ላይ አስቀመጡ። ግድግዳው ግን አሁንም ይቀደድ ነበር። ምክንያቱ ካሜራው ነጥብ አለመሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን የሚጀምረው ከካሜራው ፊት ለፊት ጥቂት ርቆ ካለ አራት ማዕዘን ገጽ ሲሆን፣ ከዚያ ገጽ ወዲህ ያለው ነገር ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል። በዩኒቲ ይህ ርቀት አስቀድሞ የተቀመጠው በ0.3 ሜትር ነው። የእይታ ማዕዘኑ ከላይ ወደ ታች 60 ዲግሪ፣ የማያ ገጹም ምጥጥን 16 ለ 9 ከሆነ፣ የገጹ ግማሽ ቁመት 0.17 ሜትር፣ ግማሽ ስፋቱ ደግሞ 0.31 ሜትር ይሆናል። በፓይታጎራስ ብናሰላው ከካሜራው እስከ ገጹ ጥግ ያለው ርቀት 0.46 ሜትር ነው። ስለዚህ ካሜራው ራሱ ከግድግዳው ወዲህ ቢቆምም እንኳ የገጹ ጥግ ግድግዳውን ሊወጋ ይችላል።

መፍትሔው በጨረር ፈንታ ሉል መላክ ነው፤ ኳስ በቧንቧ ውስጥ እንደሚንከባለል ማለት ነው። ተማሪዎቹም 0.46 ሜትር ሬዲየስ ያለው ሉል ላኩ፤ ብዙው ቦታ ተስተካከለ። ልጁ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ ግን ካሜራው እንደገና ከሕንፃው ውጭ ተገኘ። ይህ ለሁለት ቀን አስጨንቆናል። የልጁ አካል ሬዲየስ 0.3 ሜትር በመሆኑ፣ ከራሱ የሚነሳው 0.46 ሜትር ሉል ጉዞውን ገና ሳይጀምር ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። የዩኒቲ `Physics.SphereCast` ደግሞ ሉሉ ሲነሳ አስቀድሞ የነካውን ነገር አይቆጥርም። ግድግዳው አልጠፋም፤ ፍለጋው ግን አላየውም።

እንግዲህ ሉሉ ከልጁ አካል መቅጠን ነበረበት። የቆራጩን ገጽ ርቀት ከ0.3 ወደ 0.1 ሜትር ስናወርደው የጥጉ ርቀት በዚያው መጠን ወርዶ 0.154 ሆነ፤ 0.16 ሜትር ሬዲየስም በቃ። ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ገጹ በቀረበ ቁጥር ኮምፒዩተሩ የሩቅ ነገሮችን ጥልቀት የሚለይበት ትክክለኛነት ይቀንሳል፤ በሩቅ ሕንፃዎች ላይ የተለጠፉ ማስታወቂያዎችም ይብለጨለጩ ጀመር። ሰሌዳዎቹን ከግድግዳቸው ትንሽ ማራቅ ግድ ሆነ።

ቀጣዩ ጥያቄ ካሜራው እንዴት ይንቀሳቀስ የሚለው ነው። ግድግዳ ሲገጥመው ወዲያው መቅረብ አለበት፤ መዘግየት ማለት በግድግዳው ውስጥ መቆየት ነውና። ሲለቀው ግን ቀስ ብሎ ይመለስ።

```
float d = L;
if (Physics.SphereCast(head, r, back, out RaycastHit hit, L, wallMask))
    d = hit.distance;
if (d < cur) cur = d;
else cur = d + (cur - d) * Mathf.Exp(-k * Time.deltaTime);
```

የመጨረሻው መሥመር የፊዚክስ ተማሪ በቤተ ሙከራ የሚያውቀው የካፓሲተር ባዶ መሆን ሕግ ነው። `k` 3 ቢሆን ከ1 ሴኮንድ በኋላ የሚቀረው ርቀት 5 በመቶ ያህል ነው። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ፈንታ «በየፍሬሙ የቀረውን አንድ አሥረኛ ቀንስ» ይላሉ። በሴኮንድ 60 ፍሬም በሚሠራ ኮምፒዩተር ከ1 ሴኮንድ በኋላ 0.2 በመቶ ይቀራል፤ በሴኮንድ 20 ፍሬም በሚያሳይ አሮጌ ስልክ ላይ ግን 12 በመቶ። አንዱ ጨዋታ በሁለት መሣሪያ ሁለት ካሜራ ይኖረዋል ማለት ነው።

ግድግዳው ተስተካከለና ሌላ ቅሬታ መጣ፤ «ያቅለሸልሻል» የሚል። ከመገናኛ ወደ አያት በሚኒባስ የተጓዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሾፌሩን አያመውም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነበውን ግን ያመዋል። የሾፌሩ እጅ መሪውን ሲያዞር አንጎሉ የሚመጣውን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ያውቃል፤ የአንባቢው ዓይን ዕረፍት ላይ ነን ሲል የውስጥ ጆሮው ደግሞ ታጠፍን ይላል። በጨዋታ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዓይን ተንቀሳቀስን ሲል ጆሮ አልተንቀሳቀስንም ይላል። ስለሆነም የሚያመው በተለይ ተጫዋቹ ያላዘዘው እንቅስቃሴ ነው።

የእኛ ጥፋተኞች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የመንገድ ዳር የመብራት ምሰሶ ነው። ልጁ በሮጠ ቁጥር ምሰሶ በእሱና በካሜራው መካከል ይገባል፤ ካሜራውም ወደ ልጁ ዘሎ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ሌላ ምሰሶ ሲመጣ እንደገና ይዘላል። ምሰሶዎቹንና ቀጫጭን ዛፎቹን ከ`wallMask` አውጥተን፣ እይታውን ሲጋርዱ ለቅጽበት እንዲደበዝዙ አደረግን። ሁለተኛው ደግሞ ተማሪዎቹ በብልኃት የጨመሩት ነበር፤ ጥግ ሲገጥመው ካሜራው በራሱ ዞሮ ክፍት ቦታ ይፈልግ ነበር። ካሜራ 1 ሜትር ሲቀርብ የቅርቡ ነገር ያድጋል እንጂ በሩቅ የሚታየው የየካ ተራራ አይነቃነቅም። 10 ዲግሪ ሲዞር ግን ተራራውም ሱቁም ሰማዩም እኩል 10 ዲግሪ ይሄዳሉ፤ ዓይን የሚይዘው ቋሚ ነገር ያጣል። አሽከርካሪው ተጫዋቹ ብቻ ይሁን ብለን ራስ በራስ መዞሩን አጠፋነው።

ለፈተናው ጨዋታውን የማያውቁ ሰዎችን ጋብዘን 20 ደቂቃ አጫወትናቸው። የሚጫወተውን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጦ የሚመለከተውንም እናይ ነበር፤ መሪው በእጁ ስለሌለ ፊቱን ከማያ ገጹ መጀመሪያ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና።

ደረጃው ግን ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ልጁ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ለካሜራው የሚቀረው 0.14 ሜትር ነው፤ ይህም የራሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከግማሽ ሜትር በታች ሲደርስ የልጁ ምስል እንዲደበዝዝ ተደረገ። ከዚያም ተማሪዎቹ ሜትራቸውን ይዘው ከገርጂ የለኩትን መዞሪያ፣ እየቆጫቸው፣ በጨዋታው ውስጥ እጥፍ አሰፉት።