ቀኑና ቦታው የማይቆረጥ ፖስተር

ለመጽሐፍ ምረቃ የተሠራ አንድ ፖስተር እንውሰድ። ከላይ ርእሱ፣ መሃል ላይ የመጽሐፉ ሽፋን፣ ከታች ጠርዝ ላይ ደግሞ «ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ወመዘክር አዳራሽ» የሚል ጽሑፍ አለው። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ስቶሪ ላይ ስክሪኑን እንዲሞላ ተብሎ ሲጎላ ግን በግራና በቀኝ ያሉት ፊደላት ከስክሪኑ ውጪ ይቀራሉ፤ የታችኛው መስመርም መልስ መጻፊያው ሳጥን ሥር ይገባል። ሊንክ ሲጋራ አብሮ በሚመጣው ምስል ላይ ደግሞ የሚታየው የሽፋኑ መሃል ብቻ ነው። ተጋባዡ ማወቅ የሚፈልገው መቼና የት እንደሆነ ነው፤ የጠፋውም እሱው ነው።

ምክንያቱ የምስሉ ጥራት አይደለም፤ የስፋቱና የቁመቱ ምጣኔ ነው። ምጣኔው ከቦታው ጋር ከገጠመ ምስሉ ቢያንስም ቢያድግም ሙሉውን ይታያል። ካልገጠመ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች መሃሉን ይዘው ትርፉን ከዳር እኩል ይቆርጣሉ። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ ዋናው ጽሑፍ የትም ቢለጠፍ ከማይነካው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

ለመነሻ የሚመቸው መጠን 1080 ፒክስል ስፋት በ1350 ፒክስል ቁመት ነው። ኢንስታግራምና ፌስቡክ ላይ ሰው ወደ ታች እያንሸራተተ ሲያይ ሳይቆረጥ ይታያል። ሆኖም ኢንስታግራም ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በፕሮፋይል ገጽ ላይ ምስሎቹን የሚደረድረው በ3 ለ4 ምጣኔ ነው። በዚህ ድርድር ውስጥ የኛ ፖስተር ከግራም ከቀኝም 34 ፒክስል ገደማ ያጣል። በድሮው ልማድ 1080 በ1080 አራት ማዕዘን አድርገን ብንሠራው ኖሮ በየጎኑ 135 ፒክስል ይሄድ ነበር። ዙሪያውን 100 ፒክስል ያህል ባዶ ትቶ ጽሑፉን ወደ ውስጥ መሰብሰብ ይህን ችግር ያስቀራል።

ለስቶሪ ያንኑ ፖስተር ከማጉላት ይልቅ 1080 በ1920 የሆነ አዲስ ገጽ ከፍቶ መሃል ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ከላይና ከታች 285 ፒክስል ይተርፋል። በስቶሪ ላይ የገጹ ስምና የመልስ ሳጥኑ የሚይዙት ቦታ ከላይም ከታችም 250 ፒክስል ገደማ ስለሆነ ፖስተሩ በመካከላቸው ይገባል። የተረፈውን ክፍት ቦታ በጀርባው ቀለም መሙላት ነው፤ እዚያ ላይ ስልክ ቁጥርም ሆነ አርማ አይቀመጥም። ቲክቶክ ላይ የመውደጃና የማጋሪያ ምልክቶቹ በቀኝ በኩል፣ የጽሑፍ መግለጫው ደግሞ ከታች ስለሚያርፍ ቀኑንና ቦታውን ትንሽ ወደ ላይና ወደ ግራ መሳብ ያስፈልጋል።

በዚህ ዘዴ የማይፈታው የሊንክ ምስል ነው። መጠኑ 1200 በ630 ነው፤ ማለትም ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። ከቋሚው ፖስተር ይህን ቅርጽ ቆርጠን ብናወጣ ከ1350 ፒክስል ቁመት የሚቀረን 567 ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላይ ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ ምስል እንደ አዲስ መሥራት ግድ ነው። የሽፋኑን ፎቶ ወደ ግራ አሳንሶ፣ ርእሱን፣ ቀኑንና ቦታውን በስተቀኝ መደርደር በቂ ነው። የእንግዶቹ ስም ዝርዝርና የስፖንሰሮች አርማ እዚህ አይገቡም፤ እነሱን ሊንኩን የከፈተ ሰው ያገኛቸዋል። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ሰውም ይህን ምስል og:image በሚባለው ቦታ ላይ ማስገባት አለበት፤ አለበለዚያ ከገጹ ላይ ሌላ ምስል ሊነሳ ይችላል።

ጽሑፉ ሳይቆረጥ ቀርቶም ላይነበብ ይችላል። 1080 ፒክስል የሚሰፋ ምስል ስልክ ላይ ሰባት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ 40 ፒክስል ቁመት ያለው ፊደል ከሦስት ሚሊ ሜትር በታች ነው። በዚህ መጠን ቀጭን የአማርኛ ፊደል ሲጻፍ «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ይደበዝዛል። ቀኑንና ቦታውን ቢያንስ በ60 ፒክስል ቁመት፣ በደማቅ ፊደል መጻፍ ይሻላል። ቦታ ከጠበበ የሚቀነሰው የቃላቱ ብዛት እንጂ የፊደሉ መጠን አይሁን።

ከመለጠፉ በፊት ምስሎቹን ወደ ስልክ ልኮ ማየት ያስፈልጋል። ፖስተሩን ስለ ዝግጅቱ ለማያውቅ ሰው አሳዩትና ምስሉን ሳይነካና ሳያጎላ መቼና የት እንደሆነ ይንገራችሁ። ከተሳሳተ ወይም ስልኩን ወደ ዓይኑ ካስጠጋ የምረቃውን ቀን ይበልጥ አጉልታችሁ ጻፉት።