የዓርቡን ውኃ ፍለጋ፦ ከመስመር ግራፍ ይልቅ የቀለም ሰንጠረዥ ለምን መረጥን?

በትምህርት ቤታችን ጣሪያ ላይ 5,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ አለ። እዚህ ናይሮቢ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በመጣበት ቀን መሬት ውስጥ ባለው ትልቅ ገንዳ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በፓምፕ ወደ ሮቶው ይወጣል። ፓምፑ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይነሣ ነበር፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ። ብዙውን ቀን ይህ ይበቃል። ዓርብ ግን 9 ሰዓት ሳይሞላ ቧንቧዎቹ ይደርቃሉ። የወላጆች ኮሚቴ ሁለተኛ ሮቶ ለመግዛት ገንዘብ ማሰባሰብ ሊጀምር ሲል፣ ውኃው በየትኛው ቀንና በየትኛው ሰዓት እንደሚያልቅ በግልጽ የሚያሳይ ሥዕል እንድናዘጋጅ የሒሳብ ክበባችንን ጠየቀ። ይህ ጽሑፍ የሥዕሉን አመራረጥ ይመለከታል።

ከሮቶው በሚወርደው ቧንቧ ላይ ቆጣሪ አለ። ለአራት ሳምንት ቀን ቀን እኛ፣ ሌሊት ደግሞ የጥበቃ ሠራተኞቹ ዙራቸውን ሲያደርጉ፣ በየሰዓቱ ቁጥሩን በደብተር መዘገብን። ቆጣሪ እየደመረ የሚሄድ ስለሆነ የአንድ ሰዓት ፍጆታ የሚገኘው በመቀነስ ነው፤ የ4 ሰዓቱ ንባብ ሲቀነስ የ3 ሰዓቱ፣ ከ3 እስከ 4 ያለቀውን ውኃ ይሰጣል። አንድ ንባብ ከተዘለለ ግን ቀጣዩ ልዩነት የሁለት ሰዓት ፍጆታ ነው። እሱን ለአንዱ ሰዓት መስጠት በሰንጠረዡ ላይ የሌለ ጥቁር ነጥብ ይፈጥራል፤ ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ሁለት ሰዓቶች ባዶ ተውናቸው። ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት ውኃ አልፈሰሰም፣ ባዶ ማለት አላየንም ነው።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ይህንን በመስመር ግራፍ ለመሣል ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ከሰኞ ማለዳ እስከ እሑድ ሌሊት አንድ ረጅም መስመር መሣል ነው። የሚወጣው ሰባት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ይመስላል። ቀን ውኃ እንደሚፈስ፣ ሌሊት እንደማይፈስ ያሳያል፤ ያንን ግን ያለ ሥዕልም እናውቀዋለን። የሐሙስ ምሳ ሰዓትን ከዓርብ ምሳ ሰዓት ጋር ለማነጻጸር ዓይን በወረቀቱ ላይ 24 ሰዓት ያህል ርቀት መዝለል አለበት፤ ሲዘልም የትኛው ሰዓት ላይ እንደነበረ ይጠፋበታል።

ሁለተኛው መንገድ ሰባቱን ቀናት በሰባት መስመር አነባብሮ መሣል ነው። ሁለት ወይም ሦስት መስመር ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰባት ሲሆኑ ግን በተለይ ጠዋት ላይ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ከላይ የተሣለው ከሥሩ ያለውን ይሸፍነዋል፤ አንባቢውም በየደቂቃው ወደ ቀለም መግለጫው እየተመለሰ የትኛው ረቡዕ፣ የትኛው ዓርብ እንደሆነ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያምረውና ከሁሉ የሚያሳስተው ነው። የአምስቱን የትምህርት ቀናት አማካይ አውጥቶ አንድ መስመር መሣል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው የምሳ ሰዓት 1,100 ሊትር ያህል ይፈሳል፤ ዓርብ ግን በዚያ ሰዓት 450 ብቻ ነው። ምክንያቱም ዓርብ ምሳ የሚበላው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ስለዚህ ዓርብ ከ7 እስከ 8 ሰዓት 1,250 ሊትር ሲፈስ፣ በሌሎቹ ቀናት 500 ብቻ ነው። አማካዩ ሲወጣ የመጀመሪያው ሰዓት 970፣ ሁለተኛው 650 ይሆናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንዲህ ያለ ቀን የለም። በዚህ አማካይ መስመር መሠረት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ድምር 4,120 ሊትር ነው፤ ሮቶው ውስጥ 880 ሊትር ይተርፋል። ይህን መስመር ለኮሚቴው ብናቀርብ ኖሮ ውኃው ፈጽሞ አያልቅም ማለታችን ነበር፤ ልጆቹ ግን ዓርብ እጃቸውን የሚታጠቡበት አጥተዋል።

ሂት ማፕ የሚባለው፣ እኛ የቀለም ሰንጠረዥ ያልነው፣ ይህንን ችግር የሚፈታው በቀላል ዘዴ ነው። ሰባቱ ቀናት ሰባት ረድፍ፣ ሃያ አራቱ ሰዓታት ሃያ አራት ዓምድ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ሣጥን በፈሰሰው ውኃ መጠን ከነጣ እስከ ጠቆረ ሰማያዊ ይቀባል። የሐሙስ ምሳ ሰዓትና የዓርብ ምሳ ሰዓት አሁን 24 ሰዓት አይራራቁም፤ አንዱ ከሌላው ሥር ነው። በእኛ ሰንጠረዥ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የ6 ሰዓቱ ዓምድ ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ጠቁሮ ይወርዳል፤ ዓርብ ላይ ሲደርስ ጥቁሩ ሣጥን አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከአጠገቡም ከ8 እስከ 9 ሰዓት ያለው ሌላ ጥቁር ሣጥን አለ፤ በሌሎቹ ቀናት በዚያ ቦታ ፈዛዛ ቀለም ነው ያለው። ይህ ሳምንታዊው የክፍል እጥበት ነው። ዓርብ ትምህርት 9 ሰዓት ላይ ስለሚያበቃ ተማሪዎች ከመሄዳቸው በፊት ይታጠባል። በሌሎቹ ቀናት ጽዳቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ፓምፑ ሮቶውን ከሞላ በኋላ ነው።

ሰንጠረዡን በኤክሴል ስንሠራ ያስቸገረን ቀለሙ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። እኛም ኬንያውያን ጎረቤቶቻችንም ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ በስዋሂሊ «ሳአ ሞጃ» የሚባለው የእኛው 1 ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። በዚህ ላይ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ያንን ጊዜ ማክሰኞ 2:00 ይለዋል። እንዳለ ቢገባ የሰኞ ሌሊት ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ በማክሰኞ ረድፍ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ቀኑን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ማስጀመር ነው። ንባቦቹን በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ከነቀናቸው አስገብተን፣ የእያንዳንዱን ሰዓት መጀመሪያ ከ`A2` ጀምሮ በ`A` ዓምድ አድርገን፣ ስድስት ሰዓት ቀነስን።

```
=WEEKDAY(A2-TIME(6,0,0),2)
=HOUR(A2-TIME(6,0,0))
```

የመጀመሪያው ቀመር ረድፉን ይሰጣል፤ 1 ሰኞ፣ 7 እሑድ ነው። ሁለተኛው ዓምዱን ይሰጣል፤ 0 ማለት ማለዳ 12 ሰዓት፣ 1 ማለት 1 ሰዓት እያለ ይሄዳል። እስከ 11 ድረስ ቁጥሩ በቀጥታ የእኛው ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሌሊት ነው። ሌሊቱም ሳይቆረጥ በቀኝ በኩል አንድ ላይ ይሰበሰባል።

ለአንድ ሣጥን አራት ቁጥር አለን፤ ከየሳምንቱ አንድ አንድ። ከአራቱ አንዱን ወካይ ለማድረግ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ አማካይ ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ያሉት ቁጥሮች ግን 0፣ 0፣ 10 እና 900 ነበሩ። አንድ ቀን ማታ አንድ ሰው ቧንቧ ሳይዘጋ ሄዷል። አማካዩ 227 ገደማ ነው፤ ቀለም ሲቀባ ቅዳሜ ማታ ግቢው ውስጥ ውኃ የሚጠቀም ሰው ያለ ያስመስላል። መካከለኛውን ቁጥር፣ በኤክሴል `MEDIAN`፣ ብንወስድ 5 ይሆናል፤ ሣጥኑም ነጭ ሆኖ ይቀራል። የቀለም ሰንጠረዥ ልማድን ለማየት እንጂ አደጋን ለመያዝ አይደለም። በዚህ ምክንያት ከማንኛውም አጠራጣሪ ጥቁር ሣጥን በስተጀርባ ያሉትን ቁጥሮች ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

የቀለሙ ሥራ ቀላል ነው። በ`Conditional Formatting` ውስጥ `Color Scales` የሚለው ይበቃል። ከቀይ እስከ አረንጓዴ የሚሄደውን ግን አልመረጥንም፤ ሁለቱን ቀለማት የማይለዩ ሰዎች አሉ፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግም ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። አንድ ቀለም ብቻ ከነጣ እስከ ጠቆረ ከተጠቀምን ፎቶ ኮፒውም ይነበባል። ባዶ የተውናቸውን ሣጥኖች ነጭ ሳይሆን በእርሳስ ሰረዝናቸው፤ ከዜሮ እንዲለዩ።

ይህ ሥዕል የማይችለውም አለ። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰው መጠንን በትክክል የሚያነበው በአንድ መለኪያ ላይ ከተቀመጠ ቦታ መሆኑን፣ አሳይተዋል፤ ከቀለም ድምቀት ማንበብን ግን በደረጃቸው መጨረሻ ላይ አስቀምጠውታል። የእኛን ሰንጠረዥ ያየ ሰው ዓርብ ከ7 እስከ 8 የጠቆረ መሆኑን ወዲያው ይናገራል፤ 1,250 ይሁን 1,400 ግን ሊናገር አይችልም። ስለዚህ በጠቆሩት ሣጥኖች ውስጥ ቁጥሩን ራሱን ጻፍንበት። በሁሉም ውስጥ ብንጽፍ ግን ሥዕሉ ተመልሶ የቁጥር ዝርዝር ይሆን ነበር።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ወጥመድ በዓርቡ የ8 ሰዓት ሣጥን ውስጥ ነበር። አራቱ ዓርቦች 1,400 ሊትር አካባቢ፣ ሁሉም ተቀራራቢ ናቸው። እጥበት እንዲህ በየሳምንቱ እኩል ውኃ አይፈጅም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት የፈሰሰውን ስንደምር 3,600 ሆነ፤ 1,400 ሲጨመርበት ልክ 5,000፣ ማለትም የሮቶው ሙሉ መጠን ነው። ቆጣሪው የለካው ልጆቹ የፈለጉትን ሳይሆን የቀረላቸውን ነው። ውኃ ካለቀ በኋላ ባልዲ ይዞ የሚጠብቀውን ማንኛውም ቆጣሪ አይቆጥርም፤ ሰንጠረዡም አይቀባውም።

ለኮሚቴው ያቀረብነው ሐሳብ ሮቶ ከመገዛቱ በፊት የዓርቡ ፓምፕ ከ9 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት ይምጣ የሚል ነበር። በዚያ ሰዓት ሮቶው ውስጥ የጎደለው 2,350 ሊትር ያህል ነው፤ ፓምፑም ምሳውና እጥበቱ ሳይበረቱ ይሞላዋል። ኮሚቴው ተስማማ። በቀጣዩ ዓርብ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ያለው ንባብ 1,600 ሊትር ሆነ። ቀድሞ 200 ሊትር ያህል ይጎድል እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው።

የዚያን ዓርብ ውጤት ለኮሚቴው ለማሳየት ግን የቀለም ሰንጠረዥ አልተጠቀምንም። አንድ ቀን፣ አንድ ሮቶ፣ በየሰዓቱ የቀረው ውኃ፤ ይህ የመስመር ግራፍ ሥራ ነው። በአንዱ መስመር የቀድሞው ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ዜሮ ሲነካ፣ በሌላው አዲሱ ዓርብ ከ2,000 ሊትር በላይ ይዞ ሲያልፍ በአንድ እይታ ታየ።