ስልኩ በአርማው ላይ ሲቀር፤ መረጃን የሚያተርፈውና የሚደመስሰው ምርጫ

የዕቃ ሂሳብ፣ የደረሰኝ ፎቶግራፍና የደንበኛ መልእክት ከመዝገብ ወደ ሞባይል ስልክ ከተዛወሩ ሰንብተዋል። ስለሆነም አንድ አይፎን የፖም አርማውን አሳይቶ አልከፈት ሲል ባለንብረቱን የሚያሳስበው የስልኩ ዋጋ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ ደረጃ መረጃው አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ ውስጥ እንዳለ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ለጥገና ሲባል በሚነካ አንድ ቁልፍ ነው።

ችግሩ በብዛት የሚደርሰው የሶፍትዌር እድሳት መሐል ላይ ሲቋረጥ ወይም የስልኩ ማከማቻ ጢም ብሎ ሲሞላ ነው። ስልኩ በሪከቨሪ ገጽ ላይ ሆኖ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ ሁለት ምርጫዎች ይቀርባሉ። Update የተባለው የባለንብረቱን ፋይሎች ሳይነካ ሶፍትዌሩን እንደገና ለመጫን ይሞክራል። Restore ግን ሁሉንም ደምስሶ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። የአይፎን መረጃ በምስጢር ቁልፍ የተጠበቀ በመሆኑና Restore ቁልፉን ስለሚያጠፋው፣ የተደመሰሰውን ከስልኩ መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ከአይፎን 8 ወዲህ በተሠሩት ስልኮች የድምፅ መጨመሪያው ተጭኖ ወዲያው ይለቀቃል፤ መቀነሻውም እንዲሁ። ቀጥሎ የጎን ቁልፉ ተጭኖ ይያዛል። አርማው ብቅ ሲል እጅን ማንሳት የተለመደ ስህተት ነው። የሚለቀቀው የኮምፒዩተርና የገመድ ሥዕል ሲታይ ነው።

ሌላው ስህተት ከኢንተርኔት ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው። የሚወርደው ፋይል 8 ጊጋባይት፣ መስመሩም በሴኮንድ 20 ሜጋቢት ነው ቢባል፣ ማውረዱ 53 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስልኩ ግን 15 ደቂቃ ካለፈ ከሪከቨሪ ገጽ ሊወጣ ይችላል። ይህን እንደ ውድቀት ቆጥሮ ወደ Restore መሄድ ያለ በቂ ምክንያት መረጃን ማጣት ነው። ትክክለኛው መንገድ ፋይሉ ወርዶ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ስልኩን ዳግም ወደ ሪከቨሪ አስገብቶ Updateን መድገም ነው።

Update በሌላ ገመድና በሌላ ኮምፒዩተር ተሞክሮም የስህተት ቁጥር እየሰጠ ከቆመ፣ ማከማቻው ሞልቶ ወይም የውስጥ አካል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚጠፋውን መመዘን ይገባል። የቴሌብር ቀሪ ሂሳብና የተለመደው የቴሌግራም መልእክት የሚገኙት በሰርቨር ላይ በመሆኑ ከስልኩ ጋር አይጠፉም። በአንጻሩ ቅጂ ያልተቀመጠላቸው ፎቶግራፎችና የዋትስአፕ መልእክቶች ተመልሰው አይገኙም። ከRestore በኋላ ስልኩ የባለንብረቱን የአፕል አካውንት የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ይህን የረሳ ሰው መረጃውን ብቻ ሳይሆን ስልኩን መጠቀምም ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ስልኩን ለጠጋኝ የሚያስረክብ ነጋዴ ከዋጋ ድርድር በፊት የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቀድሞ የሚሞከረው Update ነው ወይስ Restore?