አልበርቲ ባስ፦ ግራ እጅን ራሱን የሚያስችል ስልት

አልበርቲ ባስ የተሰየመው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው የቬኒስ ሙዚቀኛ በዶሜኒኮ አልበርቲ ነው። የኮርዱ ሦስት ድምፆች አንድ ላይ አይመቱም፤ ታች፣ ላይ፣ መሃል፣ ላይ እያሉ ይከታተላሉ። በዶ ኮርድ ዶ-ሶል-ሚ-ሶል ይሆናል፤ ዶን ትንሿ ጣት፣ ሶልን አውራ ጣት፣ ሚን የመሃል ጣት ይይዛሉ።

ብዙ ተማሪ ስልቱ ለፍጥነት የሚሠራ ይመስለዋል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ቀኝ እጅ የፈለገውን ሲያደርግ ግራው ሳይናወጥ እንዲቀጥል ማስለመዱ ነው። ሞዛርት በ1788 እ.ኤ.አ. ለጀማሪዎች የጻፈው የዶ ሜጀር ሶናታ (ኬ 545) በዚሁ ይጀምራል። በመጀመሪያው ሜዠር ቀኝ እጅ ረጅም ድምፆች ስለሚይዝ ችግር የለም። በሁለተኛው ግራው ሬ-ሶል-ፋ-ሶል ሲል ቀኙ ሲን ይዞ ይቆይና ዶ እና ሬን ፈጠን አድርጎ ይጥላል። ዶ ከግራው ሁለተኛ ሶል ጋር እኩል ይወድቃል፤ ሬ ግን ከዚያ ቀጥሎ ለብቻው ነው። ጣጣው እዚህ ነው።

ሞላሌ ላይ በኪቦርድ ሲለማመድ ያገኘሁት ወጣት እዚያች ቦታ ሲደርስ ግራው ከቀኙ ጋር አብሮ ይሮጥ ነበር። «ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው አትጀምር፤ ይህችን ግማሽ ሜዠር ብቻ ደጋግማት» አልኩት። መጀመሪያ ግራውን ለብቻው፣ ቀጥሎ ቀኙን ዶን ብቻ፣ በመጨረሻም ሬን ጨምሮ፣ ሁሉንም በዝግታ። ግራው እኩል መሄዱ የሚታወቀው ሬ ስትገባ የግራው ምት ሳይጠጋጋ ሲቀር ነው።

ሌላው ጥፋት የአውራ ጣት ክብደት ነው። ከአራቱ ድምፆች ሁለቱን የሚመታው እርሱ ስለሆነ፣ ካልተገራ ሶል ሶል እያለ ዜማውን ይሸፍናል። ጣቱን ከቁልፉ ብዙ ሳያነሱ፣ ክንድን በትንሹ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ መጫወት ያለሰልሰዋል።

ስልቱን ወደ ቅኝታችን ስናመጣ መምረጥ ያሻል። ዶ-ሬ-ሚ-ሶል-ላ በሚሄደው ትዝታ ዶ-ሶል-ሚ-ሶል ሙሉ በሙሉ ይገባል። ከላይ ያየነው ሬ-ሶል-ፋ-ሶል ግን ቅኝቱ የማያውቀውን ፋ ያስገባበታል። ኮርድ መለወጥ ሲያስፈልግ ላ-ሚ-ዶ-ሚ ይሻላል፤ ሦስቱም ድምፆች የትዝታ ናቸው። ዝም ብሎ የፈረንጁን ኮርድ ትዝታ ላይ የሚጭን ሰው ዜማውን ያበላሻል።

ፒያኖ የሌለው ሰው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ይበቃዋል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ኪቦርዱ በራሱ የሚያጅበውን ሪትም አጥፉት። እሱ ሲያጅብላችሁ ግራ እጃችሁ ምንም አይማርም።